የጋሽ መቀስ አውራ ጣት

ጋሽ መቀስ ቅጽላቸውን ማን እንዳወጣላቸው ረስተውታል። በወጣትነታቸው አንድ ደንበኛ በቀልድ ጣል አድርጎት ይሁን፣ ወይ ሟች ሚስታቸው ተናደው የለጠፉባቸው፣ ብቻ ስሙ ከሰውየው ጋር ተሰፍቶ ቀረ። በስማቸው ብቻ የሚያውቋቸው ሰዎች ምላሰኛ እየመሰሏቸው ይፈሯቸዋል። ሲቀርቧቸው ግን ከሦስት ቃል በላይ ለመናገር የሚጨነቁ፣ ዝምታ የሚወዱ ሰው ናቸው።

የልብስ ስፌት ቤታቸው መንገድ ዳር ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ከፊት ባለው ሰፊ ክፍል የስፌት መኪኖች ቀኑን ሙሉ ይንጫጫሉ፤ ከኋላ ባለው ጠባብ ክፍል አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ። የሚሰፉት የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ግድግዳው ላይ ከወፍራም ካርቶን የተሠሩ የሱሪ፣ የቀሚስና የሸሚዝ ልኮች በየቁጥራቸው በሽቦ ተንጠልጥለዋል። ጨርቁ ተደራርቦ ጠረጴዛው ላይ ይነጠፋል፣ ካርቶኑ ከላይ ይቀመጣል፣ ዙሪያው በጠመኔ ይሰመራል፣ ከዚያ ይቆረጣል። ሌላው ሁሉ ይሰፋል፣ ይዘመዝማል፣ ይተኩሳል፤ የሚቆርጡት ግን ጋሽ መቀስ ብቻ ነበሩ። ስፌት ቢበላሽ ይፈታል፣ የተቆረጠን ጨርቅ ግን ማን መልሶ ይቀጥለዋል ብለው ማንንም ወደዚያ ጠረጴዛ አያስጠጉም።

ሴት ልጃቸውንም ቢሆን። እናቷ ገና በሕፃንነቷ «ቆቅ» ያሏት ኮሽ ካለ ስለምትነቃ ነው፤ አድጋም ያው ናት፣ የሚያመልጣት ነገር የለም። ትምህርቷን እንደጨረሰች ስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያም ሳትነሳ ጎልማሳ ሆነች። ከትምህርት ቤቶች ጋር የምትደራደረው እሷ፣ ሠራተኛ ሲቀር የምትሸፍነው እሷ፣ የሚከፈላት ግን እንደ ማንኛዋም ልብስ ሰፊ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ሌላ ከተማ አስተማሪ ነው። መርፌ በእጁ ይዞ አያውቅም፣ ሒሳብ ግን ያስተምራል፤ ቤት ውስጥም ሳይቀር «መምህሩ» ነው የሚባለው።

እናትየው ካረፉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ትልቅ የልብስ ፋብሪካ ቆቅን በኃላፊነት ሊቀጥራት ጠየቃት። እሷም እሺም እምቢም ሳትል ወደ አባቷ ሄደች። ጋሽ መቀስ ጨርቅ እያነጠፉ ነበር።

«አባዬ፣ እኔ እዚህ ቤት ምንድን ነኝ?»

«ምን ማለት ነው? ሁሉም የእናንተ አይደል እንዴ» አሉ ቀና ሳይሉ።

«የእናንተ ማለት የማን ነው?»

ጋሽ መቀስ የጨርቁን ጫፍ አስተካከሉ። እውነቱን ለመናገር ይህን ጥያቄ ሲሸሹት ነው የኖሩት። ሁለቱን ልጆች እኩል እወዳለሁ፣ እኔ ስሞት እኩል ይካፈሉታል እያሉ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብለው ትተውታል። ማን ይሠራል፣ ማን ይወስናል፣ የሠራው ከቀረው በምን ይለያል የሚለውን ለማሰብ ወኔ አልነበራቸውም። እንደዚያ ቢሞቱ ልጆቹ እርስ በርስ ዓይንና ናጫ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ደግነቱ ቆቅ ገፋችበት። መምህሩ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጣ፤ አንድ ሒሳብ አዋቂ ተጠራ፣ ቀጭን፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ የማይናገር ሰው። ሰውየው በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጧቸው ሦስት ነገሮችን አታደባልቁ አላቸው። የሚሠራ ሰው ለሥራው ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ባለቤት ሆነም አልሆነ። ባለቤት ደግሞ ከትርፉ እንደ ድርሻው ይወስዳል፣ ሠራም አልሠራም። ውሳኔ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ማን በምን ላይ እንደሚወስን ካልተጻፈ ሁሉም ይወስናል፣ ያኔ ማንም አይወስንም አላቸው።

ብዙ ተከራከሩ። መምህሩ መጀመሪያ እኩል ካልሆነ ብሎ ፊቱን አጠቆረ። ሒሳብ አዋቂው እህቱ በልብስ ሰፊ ደመወዝ የኃላፊ ሥራ ስትሠራ ሳይከፈላት የቀረው ገንዘብ ድርጅቱ ውስጥ እንዳለ ሲያስረዳው ግን፣ ሰው ነውና፣ አንገቱን ደፋ። በመጨረሻ ተስማሙ። ከድርጅቱ ስድሳ አምስት በመቶው የቆቅ፣ ቀሪው የመምህሩ ሆነ። ሥራው ያለበት ቤት ጋሽ መቀስ እስካሉ የእሳቸው ነው፤ ድርጅቱ ኪራይ ይከፍላቸዋል፣ እሳቸውም በኪራዩ ይተዳደራሉ፣ ኋላ ሁለቱ ልጆች ቤቱን እኩል ይወርሳሉ። የዕለት ሥራ፣ ቅጥርና ግዢ በቆቅ ብቻ ይወሰናል፤ ብድር ለመውሰድ ወይም አዲስ ሸሪክ ለማስገባት የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። መምህሩ ድርሻውን መሸጥ ቢፈልግ ገለልተኛ ሰው በሚያወጣው ዋጋ መጀመሪያ ለእህቱ ያቀርባል። ጋሽ መቀስ የሚቀጥለው የትምህርት መክፈቻ ሥራ እስኪጀመር ድረስ ቆቅን ያሠለጥናሉ፣ ከዚያ ቁልፉን ያስረክባሉ፤ ወደ ሥራው የሚመለሱት እሷ ስትጠራቸው ብቻ ነው። መምህሩ አንድ ነገር አስጨመረ፦ በመጀመሪያው ዓመት ሥራው ክፉኛ ከተበላሸ፣ ሥራ አስኪያጅ ማን ይሁን የሚለው እንደገና ይታያል። ቆቅ ዓይኗን ሳታሽ ፈረመች።

ሥልጠናው ተጀመረ። ጋሽ መቀስ ደህና አስተማሪ ሆኑ፤ ራሳቸውም ገረማቸው። ጨርቅ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ እንዴት እንደሚፈተን፣ የትኛው ነጋዴ ከጣቃው መሀል ነውር እንደሚደብቅ አንድ በአንድ አሳዩዋት። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው አስጠጓት። እሷ ታሰምራለች፣ እሳቸው ካርቶኑ እንዳይንሸራተት በግራ እጃቸው ይይዙላታል። የቆረጠችው ሁሉ ልክክ ብሎ ወጣ። ዋናዋ ሰፊ «ዚፕ» ትባላለች፣ አፏ እንደተበላሸ ዚፕ ስለማይዘጋ ነው፤ እሷ እንኳ ነገር ልትፈልግ አገላብጣ አይታ አንዲት እንከን አጣችበት።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ነው ጋሽ መቀስ የገዛ እጃቸውን ያዩት። ቆቅ የሱሪውን የውጭ ጎን አሰምራ ወደ መቀመጫው መስመር ስትዞር፣ የእሳቸው አውራ ጣት ካርቶኑን አንዲት ጣት ያህል ወደ ውጭ ገፋው። እንዲገፋ አላዘዙትም። ደንግጠው በሚቀጥለው ላይ ጠበቁት፤ አሁንም ገፋው።

ካርቶኖቹ የተሠሩት ቆቅ ሳትወለድ ነው። ጠርዛቸው በጠመኔ ብዛት ተበልቷል፣ የድሮው ጨርቅ ሌላ የአሁኑ ሌላ፣ የዛሬ ልጆችም በዚያ ልክ አይገቡም። ጋሽ መቀስ አዲስ ካርቶን ከመሥራት ይልቅ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ በእጃቸው ሲያርሙት ኖረዋል። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ልክ መሆኑን ካቆመ ቆይቷል፤ እውነተኛው ልክ አውራ ጣታቸው ውስጥ ነበር።

ለልጃቸው መንገር ነበረባቸው። አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ የቤታቸው ሳሎን ታያቸው፣ አራት ወንበር ያለው ጠረጴዛና አንዱ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ሰው። «ስትቸገር ትጠራኛለች» አሉ በልባቸው። አፋቸውን መልሰው ዘጉት። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ማንም በማይፈልጋቸው ቤት ውስጥ ብቻቸውን መቀመጥን ፈርተው ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ሽማግሌንም ልጅ ያደርገዋል።

የማስረከቢያው ቀን ሠራተኞቹ አጨበጨቡ፣ ዚፕ አለቀሰች፣ ከዚያ አልቅሳ ሳትጨርስ የዘንድሮ ክር ጥራት እንደወረደ ማማረር ጀመረች። ጋሽ መቀስ ቁልፉን ለቆቅ ሰጥተው ወደ ቤት ሄዱ።

ቤት ውስጥ ዝምታው ጆሮ ይበሳል። ለሥራ እንደሚወጣ ሰው በማለዳ ይነሱና ይለባብሳሉ፣ ከዚያ ለብሰው ይቀመጣሉ። ራዲዮኑን የሚከፍቱት ለመስማት አይደለም፣ ሌላ ሰው የሚናገር እንዲመስል ነው። ስልኩን ከፊታቸው አስቀምጠው ያዩታል። በመስኮቱ የሚያልፈውን ሰው ሱሪ አይተው መቀመጫው ተጨናንቋል፣ ይሄን የቆረጠው ማን ይሆን ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ምግብ ያበስላሉ፣ ግማሹን ይተዉታል። ሚስታቸው በነበሩበት ጊዜ አፍ አፋቸውን ሲሏቸው ይበሳጩ ነበር፤ አሁን ያ ጭቅጭቅ ናፈቃቸው፣ እሱን ሲያስቡ ወጡ ይበርዳል።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ተቃረበ። አሁን እየተቆረጠ ነው፣ አሁን ሱሪው ይጠብባታል፣ አሁን ትደውላለች እያሉ ጠበቁ። ቆቅ አልደወለችም።

የደወለው መምህሩ ነበር። ድምፁ ፈርጠም ያለ ነው። አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት የወሰደውን ሱሪ በሙሉ መልሷል፤ ልጆቹ ለክተውት ሲቀመጡ መቀመጫው ይይዛቸዋል፣ አንዳንዱም ተተርትሯል አለ። ቆቅን ጠይቋት ነበር፣ ስህተቱ የኔ ነው፣ አቆራረጤ ነው ብላዋለች። እንግዲህ በውሉ መሠረት እንነጋገር፣ እሷ ወደ ስፌቱ ትመለስ፣ ኃላፊና ቆራጭ ከውጭ እንቅጠር ብሎ ነገ እንደሚመጣ ተናገረ።

ጋሽ መቀስ ስልኩን ዘግተው እንደተቀመጡ ቀሩ። ትጠራኛለች ያሉት ልጅ ከመጥራት ጥፋቱን በራሷ ላይ መውሰድ መረጠች። ለምን እንደሆነ ገባቸው፦ ወንድሟ እያየ አባቷን ከጠራች አልቻለችም ይባላላ። ያስቀሩት ነገር እሳቸውን ሊያስጠራ ቀርቶ እሷን ከወንበሯ ሊያስነሳ ነው። አሁንም ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም፤ እንዲያውም ልጆቹ እየለመኑ ይመልሷቸዋል፤ ቆራጭ ከውጭ እስኪገኝ ያ ጠረጴዛ የእሳቸው ይሆናል። ይህንን አሰቡት። ማሰባቸውንም ጠሉት።

በማግሥቱ ሳይጠሩ ሄዱ። የተመለሱት ሱሪዎች ጠረጴዛው ላይ ተቆልለው፣ ቆቅ በአንድ በኩል፣ መምህሩ በሌላ በኩል ቆመው ነበር። ቆቅ ስታያቸው ፊቷ ተለዋወጠ። እንቅልፍ በዓይኗ ያልዞረ ትመስላለች። የቆረጠችውን ከካርቶኑ ጋር ደጋግማ ለክታዋለች፣ ይገጥማል፤ የት ላይ እንደሳተች ግን ጠፍቷታል።

ጋሽ መቀስ አንድ ካርቶን ከሽቦው አወረዱ። ጨርቅ አነጠፉ፣ የውጭውን ጎን አሰመሩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሁለቱም እንዲያዩት፣ ካርቶኑን በአውራ ጣታቸው ገፉት።

«ይቺን አላስተማርኳትም» አሉ። «ስታሰምር እኔ ነበርኩ የምገፋላት። እሷ አልተሳሳተችም። እንደተሰጣት ነው የቆረጠችው።»

መምህሩ ካርቶኑንና አባቱን እያፈራረቀ አየ። «ረስተኸው ነው?»

እዚህ ላይ መዋሸት ቀላል ነበር። ሽማግሌ ረሳ ቢባል ማን ይፈርድበታል?

«አልረሳሁትም። አውቄ ነው የተውኩት።»

ከበሩ ወዲያ ጆሮዋን የጣለችው ዚፕ እንኳ፣ ለታሪክ ይመዝገብላት፣ አልተነፈሰችም።

«ለምን አባዬ?» አለች ቆቅ።

«እንድትጠሪኝ ነዋ።»

ቆቅ ጀርባዋን ሰጥታ ብዙ ቆመች። ተቆጥታለች፤ መቆጣቷም ተገቢ ነው። ሌት ተቀን ራሷን ስትወቅስ የከረመችው በእሷ ባልሆነ ጥፋት ነው። መምህሩ ስለ ኃላፊነቱ ያነሳሁትን ትቼዋለሁ አለ፤ ሰው ያልተማረውን ባለማወቁ አይጠየቅም። ከተማሪዎቹ መሀል ለአንዱ እንደሚናገር ነበር የተናገረው፣ ግን እህቱን ሊያያት አልደፈረም።

ቆቅ ስትዞር እንባዋን ጠርጋ ነበር። የተናገረችው ስለ ሥራ ብቻ ነው። የተመለሰው ተፈትቶ በአነስተኛው ቁጥር ልክ እንደገና ይቆረጣል፣ ለትልልቆቹ አዲስ ጨርቅ ይገዛል፣ ካርቶኖቹ በሙሉ ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ይሠራሉ። ከእንግዲህ አንድ ሱሪ ተሰፍቶ ልጅ ላይ ሳይለካ ጨርቅ ተደራርቦ አይቆረጥም። ይህን የሚወስነው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

«አንተ ደግሞ» አለች ወደ አባቷ ዞራ፣ «ትነግረኛለህ፣ እኔ እሠራለሁ። እጅህን ወደ ኋላ አድርግ።»

ጋሽ መቀስ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። እንደዚያ ሆነው ቁጥር በቁጥር ነገሯት፤ እዚህ ጣት ያህል፣ እዚህ ግማሽ፣ ብብቱ ጋ ትንሽ ዝቅ። እሷ ትስላለች፣ ትቆርጣለች፣ ዚፕ ትሰፋለች፣ ሰፈር ውስጥ የተገኘ ልጅ ሁሉ እየተጠራ ይለካበታል። አንዳንዴ አውራ ጣታቸው ከጀርባቸው ሲንቀሳቀስ ይሰማቸዋል፤ በሌላኛው እጃቸው ጨብጠው ይይዙታል። እያንዳንዱ አዲስ ካርቶን ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ቁጥር እሳቸው ትንሽ ትንሽ ከዚያ ክፍል እየወጡ እንደሆነ ያውቁት ነበር። የመጨረሻው ሲሰቀል ቆቅ አመሰግናለሁ አለች፣ እንደ ሥራ አስኪያጅ። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ።

ዓመቱ ዞረ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ስልኩ ዝም አለ፤ ዝም ማለቱ ሥራው መቃናቱ እንደሆነ ያውቃሉ፣ ደስም ይላቸዋል። ስልኩን ግን አሁንም ከፊታቸው አያርቁትም። መምህሩ የትርፍ ድርሻው እንደደረሰው ሊነግራቸው ደወለ፣ ደህንነታቸውን ጠየቀ፣ ዘጋ። ቆቅ አልፎ አልፎ ትመጣለች፤ ስለ ጤና ትጠይቃለች፣ ስለ ሥራ አታነሳም፣ እሳቸውም ፈርተው አይጠይቁም። በመካከላቸው ያ ቀን አለ።

የሥራው ጥድፊያ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ሱሪያቸው ከወገባቸው መውረድ አስቸገራቸው። ቀበቶ ላይ አዲስ ቀዳዳ ከመብሳት ብለው ወደ ስፌት ቤቱ አመሩ። ደንበኛ የምትቀበለው አዲስ ተቀጣሪ ነበረች፤ አላወቀቻቸውም። ምን ልታዘዝ አባቴ ስትላቸው የማን አባት እንደሆኑ ሊነግሯት አልፈለጉም። አዲስ ሱሪ ላሰፋ ነው አሏት፣ ተራ ይጠብቁ ብላ ወንበር ሰጠቻቸው። ገና ሳይቀመጡ ቆቅ ከኋላው ክፍል ወጥታ አየቻቸው። ምንም ሳትል እጃቸውን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው፣ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች።

የእሳቸውን ሱሪ ሌላ ሰው ለክቶት አያውቅም። ሜትሩን በወገባቸው ዙሪያ ለማሳለፍ ስትጠጋ እጆቿ ከጀርባቸው ተገናኙ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲህ የቀረባቸው ሰው አልነበረም። ቆቅ ቁጥሩን አነበበች። እንደገና ለካች።

«አባዬ፣ ይሄ ያንተ ወገብ አይደለም» አለች። «ትበላለህ?»

«እበላለሁ።»

ሜትሩን ሳትለቅ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። ከሦስት ቃል በላይ መናገር የሚያስጨንቃቸው ሰው ዓይናቸውን ወደ ሜትሩ ዝቅ አደረጉ።

«ብቻዬን መብላት አቃተኝ፣ ልጄ።»

ቆቅ ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ ጣለች፣ ለአፍታ። ከዚያ ቀና ብላ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ለሥራ አልጠራህም» አለች፣ «ሥራው ደህና ነው። ምሳ ግን ሳትመጣ አልበላም፣ እንዳታረፍድ።»

«ነገ ነው?»

«ነገም፣ ከነገ ወዲያም። አሁን ዝም ብለህ ቁም፣ እግርህን ልለካ።»

ጋሽ መቀስ እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው፣ ልብስ እንደሚለካ ሕፃን ቀጥ ብለው ቆሙ። እሷም ተንበርክካ የቀረውን ልክ ወሰደች።